የ15 ዓመት ልጅ እንዴት ትተርካለች?

(ደብረ ብርሃን ላይ ለልብ ወለድ ጸሐፊዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የ15 ዓመት ልጅ «እኔ» እያለች የምትተርክበት ታሪክ ስንጽፍ፣ አንባቢው «አዎ፣ ይቺ ልጅ ናት» ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን የአራዳ ቋንቋ ነው። ጀለስ፣ ሙድ፣ ነፍ፣ ፈታ፣ ሼም። እነዚህን በየመስመሩ ጣል ጣል ስናደርግ ገጹ ወጣት ወጣት ይሸተናል። ግን ሁለት ችግር አለው።

የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቃሉ ያረጃል። ዘንድሮ የጻፋችሁት ታሪክ እስኪታረም፣ እስኪታተም፣ አንባቢ እጅ እስኪገባ ዓመታት ያልፋሉ። ደግሞ አንድ የአራዳ ቃል እኛ አዋቂዎቹ ጆሮ ሲደርስ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ትተውት ሌላ ይዘዋል። አንዳንዱ ቃል ይቆያል፤ «ፋራ» የሚለውን እናንተም በልጅነታችሁ ብላችሁታል፣ ልጆቻችሁም ይሉታል። ግን የትኛው እንደሚቆይ በምትጽፉበት ሰዓት ማወቅ አትችሉም።

ሁለተኛው ችግር ይበልጣል። ቃሉ ባያረጅ እንኳ ስለ ልጅቷ ምንም አይነግረንም። የአራዳ ቃል የብዙ ሰው ነው። የተፈጠረውም ብዙ ሰው አንድ ላይ እንዲለው ነው። የተራኪ ድምፅ ግን የአንድ ሰው ነው። ሁሉም ልጅ በሚለው ቃል አንዷን ልጅ መለየት አይቻልም።

ይህን በምሳሌ ላሳያችሁ። ለዛሬ ብዬ የጻፍኩት ትንሽ ታሪክ ነው። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ኑሮ ነው። ከባሶና ወራና ገጠር ቀበሌ የመጡ ሦስት ሴት ልጆች ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ዘጠነኛ ክፍል ይማራሉ። ቅዳሜ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ እሁድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ። አከራያቸው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ታጠፋባቸዋለች። አንድ ማታ ግን በሩን ከፍታ ብርድ ልብስ ትሰጣቸዋለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ተራኪዋ ከሦስቱ አንዷ ናት።

መጀመሪያ በአራዳ ቋንቋ እንጻፈው።

«አከራያችን ፋራ ናት። ማታ ማታ መብራት እያጠፋች ሙድ ትይዝብናለች። ትናንት ከጀለሶቼ ጋር ፈታ ብለን ቁጭ ባልንበት በሩን በረገደችው። ሼም ነው በናታችሁ! ነፍ ተናደድኩ። ለካ ብርድ ልብስ ልትሰጠን ነው።»

ሲነበብ ፈጠን ይላል። ግን ጠይቁት። ይቺ ልጅ ማናት? ከገጠር የመጣች ልጅ ናት ብያችኋለሁ። እዚህ ውስጥ ገጠርም የለ፣ ብርድም የለ፣ እሷም የለች። ስትናደድ ምን እንደምታደርግ አላየንም። «ነፍ ተናደድኩ» አለችንና አለፈች። የአራዳ ቃል አንዱ ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ስሜቱን ይሰይምና ሥራውን የጨረሰ ያስመስለዋል። ጸሐፊው ቃሉን ሲያገኝ መፈለጉን ያቆማል።

አሁን ደግሞ ቃሎቹን በሙሉ እናውጣ። ጥንቃቄ የሚያበዛ ጸሐፊ እንዲህ ይለዋል።

«አከራያችን እትዬ አስካለ ቆጣቢ ሴት ነበሩ። ኑሯቸው በቤት ኪራይ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ መብራት በከንቱ ሲበራ ማየት አይወዱም ነበር። ያን ጊዜ፣ ልጅነት ነውና፣ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አንድ የኅዳር ሌሊት ግን ለእኛ የሚያስቡ እናት መሆናቸውን አስመሰከሩ።»

ይህ አያረጅም። ግን ልጅም አይደለም። 40 ዓመት የሞላት፣ ምናልባትም አስተማሪ የሆነች ሴት ናት የምታወራው። ምን እንዳስረጃት ልብ በሉ። ከባዱ ቃል አይደለም፤ ያለው «ቆጣቢ» እና «በከንቱ» ነው፣ ሁለቱንም የ15 ዓመት ልጅ ታውቃቸዋለች። ያስረጃት እውቀቷ ነው። አከራይዋ ለምን መብራት እንደምታጠፋ ታውቃለች። ራሷ ያኔ ለምን እንደተሳሳተች ታውቃለች። የብርድ ልብሱን ትርጉም ታውቃለች። «ያን ጊዜ» የሚለው ቃል ከመጣ በኋላ ልጅቷ ሄዳለች። የአራዳ ቃል የሚፈሩ ጸሐፊዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን ሲያወጡ ዕድሜውንም አብረው ያወጡታል።

ሦስተኛውን ልነብብላችሁ። ይኼን ቀስ ብላችሁ ስሙት፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ስለሱ ነው።

«እኛ ቤት መብራት የሚጠፋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ከአምስት አይደለም፣ ሦስት። ቆጣሪ ውጭ ቆማ ቀጭ ታደርገዋለች። አንድ ቃል አትናገርም። ቆጣሪ ያልናት እኛ ነን፣ ስሟ እትዬ አስካለ ነው። ፊት ለፊትማ እትዬ እንላታለን፣ ምን እናድርግ።

ትናንት መብራቱ ከጠፋ በኋላ በብርቱካን ስልክ እያጠናን ነበር። እሺ፣ ብርቱካን ናት ስታጠና የነበረችው። መሠረት ተኝታለች። እኔ ነቅቼ ነበር፣ እንዲሁ። በርዶኝ አይደለም።

ከዚያ በሩ ተንቋቋ። ብርቱካን ስልኩን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መሠረት ከእንቅልፏ ነቅታ ‹ምንድን ነው?› ብላ ጮሃ፣ በክርኔ መትቻት፣ ይኼ ሁሉ ሆኖ ቆጣሪ በሩ ላይ ቆማለች። ብርድ ልብስ ይዛለች። ግራጫ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቀይ መስመር አለው።

‹እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ውርጭ ሊጥል ነው› አለች።

አልብሰውን ሄዱ። ጥጉ ላይ በክር የተጻፈ ስም አለው፣ የወንድ ስም። እሳቸው ቤት ወንድ ልጅ አይተን አናውቅም። አልጠየቅኋቸውም።

ጠዋት አጥፌ በራቸው ላይ አስቀመጥኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋችን ላይ ነው። ያው ስላልበረደኝ ነው እንጂ የመለስኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እዚህ ውስጥ አንድ የአራዳ ቃል የለም። ፈልጉ፣ አታገኙም። ታዲያ ልጅነቱ ከየት መጣ? ከሦስት ቦታ መጣ እላለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው፣ ግን በመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ያለን ትልቁ መሣሪያ እሱ ስለሆነ።

እሱም አክብሮት ነው። አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፣ እሷ፣ እሳቸው።

አማርኛ ስለ ሰው ስናወራ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ አንድ ውሳኔ ያስወስነናል። መጣች ወይስ መጡ? አለች ወይስ አሉ? አዋቂ ይህን ከወሰነ ቆይቷል፣ አያስብበትም። የ15 ዓመት ልጅ ግን ገና እየወሰነች ነው። ፊት ለፊት ሌላ፣ ከጀርባ ሌላ፣ ከጓደኛ ጋር ሌላ፣ ከእናቷ ጋር ሌላ ናት። አክብሮትን የምትሰጥና የምትነሳ መሆኗን ያወቀችው በቅርቡ ነው። ከታዘዘችው ውጪ በራሷ ልታደርግ የምትችለው ትንሹ ነገርም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ተመለሱ። ቆጣሪ «ታደርገዋለች»፣ «አትናገርም»፣ «ቆማለች»፣ «አለች» እየተባለች መጣች። ከዚያ «አልብሰውን ሄዱ።» እዚያ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ «እሳቸው ቤት»፣ «አልጠየቅኋቸውም»፣ «በራቸው ላይ» ሆነ። «ቆጣሪ» የሚለውም ስም ዳግመኛ አልተነሳም። ልጅቷ «ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበርኳቸው» አላለችም። ብትል ኖሮ ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ ተመልሰን ነበር። የተለወጠች መሆኗን እሷ ራሷ አላየችውም። ግሡ አየው፣ አንባቢው አየው።

ይህ መሣሪያ መቼም አያረጅም። «መጣች» እና «መጡ» ከእኛ በፊት ነበሩ።

ግን ሲሠራበት የሚበላሽበት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ለውጡ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሆን ነው። ልጅቷ በየአረፍተ ነገሩ አንዴ «አለች» አንዴ «አሉ» ካለች አንባቢው ስህተት ነው ይላል፣ ልክም ነው። ለውጡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ድርጊት ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ እንዳለ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ልማዱን ሳያውቁ መጻፍ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንኳ ቤቱ ከቤት ይለያያል። አባቱን አንተ የሚል ልጅ አለ፣ አንቱ የሚል ልጅ አለ። የተራኪያችሁ ቤት የትኛው እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፤ ያለዚያ አባቷን አንተ ማለቷ ድፍረት ይሁን ልማድ አንባቢው አይለየውም።

ሦስተኛው ችግር ከእናንተ ውጪ ነው። አራሚው ያስተካክልላችኋል። እውነቴን ነው። የአረፍተ ነገር ስምምነት የሚያስጠብቅ ጥሩ አራሚ «አለች» ካለ በኋላ «ሄዱ» ሲያይ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጠዋል፣ ሥራው ስለሆነ። ስለዚህ ጽሑፉን ስትሰጡ ቦታውን ጠቁማችሁ «ሆን ተብሎ ነው፣ አይነካ» ብላችሁ ጻፉ። ማረሚያው ሲመጣ መጀመሪያ የምታዩት ገጽ ያ ይሁን።

ሁለተኛው ቦታ ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። እኮ፣ ያው፣ እንጂ፣ ደግሞ፣ እሺ፣ መጨረሻ ላይ የምትቀጠለው «ማ»።

እነዚህ የአራዳ ቃላት አይደሉም፣ አያቶቻችንም ይሏቸዋል። ግን ሙግት ይሸከማሉ። «ፊት ለፊት እትዬ እንላታለን» ብትል መረጃ ነው። «ፊት ለፊትማ እትዬ እንላታለን» ስትል ግን አንድ ሰው «እንዴ፣ ታላቅ ሴት እንዲህ ትጠራለች?» ብሎ የገሠጻት ያህል መልስ እየሰጠች ነው። «አልበረደኝም እኮ» የሚል ሰው «በርዶሻል» የሚል ሰው ፊቱ አለ። «ስላልበረደኝ ነው እንጂ የመለስኩት» ስትልም ያልተጠየቀችውን እየመለሰች ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያወራው እንዲህ ነው፤ ገና ሳይከሰስ መከላከል ይጀምራል።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለባችሁ። ለማን ነው የምታወራው? ያለ አድማጭ «እኮ» ባዶ ነው። እኔ ይኼን ታሪክ ስጽፍ አድማጯን አገር ቤት ያለች የልጅነት ጓደኛዋን አድርጌ ነው። ለዚህ ነው «እያጠናን ነበር» ብላ ጀምራ «እሺ፣ ብርቱካን ናት» ብላ ያመነችው። ጓደኛዋ ታውቃታለች፣ መዋሸት አያዋጣም። አድማጯ እናቷ ብትሆን ኖሮ ሦስቱም ሲያጠኑ ነበር፣ ስልክ የሚባል ነገር አይነሳም፣ «ቆጣሪ» የሚለው ስምም አይኖርም። አድማጩን ስትለውጡ ምን እንደሚደበቅ ይለወጣል። አድማጩ በታሪኩ ውስጥ ስሙ መጠራት የለበትም። ጸሐፊው ግን ማወቅ አለበት።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ አለ፣ «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ»። በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታተመ። ተራኪው ወጣት ልጅ ነው፣ አፉም በዘመኑ የመንገድ ቃላት የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ቃላት ዛሬ አርጅተዋል። ድምፁ ግን አሁንም ይነበባል። የሚነበበው በቃላቱ ምክንያት አይመስለኝም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ፊት ለፊቱ ያለ ሰው ላይ ይነጫነጫል፤ ይኼን ልትሰማ ትፈልግ ይሆናል፣ እኔ ግን አልነግርህም እያለ ይጀምራል። ያ ሙግት በ1951ም ዛሬም ያው ነው።

መጠኑን ተጠንቀቁ እንጂ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ «እኮ»፣ አንድ «ማ»፣ ቢበዛ አንድ «ያው»። ሦስቱም በአንድ አረፍተ ነገር ከገቡ ልጅቷ ሳትሆን ልጅቷን የሚያስመስል ተዋናይ ነው የሚሰማው። ከላይ ባነበብኩት ውስጥ ቁጠሩ፣ ብዙ አይደሉም። ስትደነግጥ ደግሞ ጭራሽ ጠፍተዋል። በሩ ሲንቋቋ አንድም የለም። እዚያ የተጠቀምኩት ሌላ ነገር ነው፦ ከትታ፣ ጨፍኜ፣ ነቅታ፣ ጮሃ፣ መትቻት፣ ሆኖ። አማርኛ ዋናውን ግሥ ሳይደርስ ድርጊት በድርጊት ላይ መደርደር ይፈቅዳል፤ ዋናው ግሥ እስኪመጣ አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል። ልጆች አንድ ጉድ ሲያወሩ እንዲህ ነው የሚያወሩት። ግን በአንድ ታሪክ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ፣ ልብ የሚመታበት ቦታ ላይ። በየገጹ ከሆነ ያደክማል።

ሦስተኛው የምታየውና የማታየው ነገር ነው። ይኼን ባጭሩ ልለፈው።

ልጅቷ «ታዋቂው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያመረተው» አላለችም። እዚህ ከተማ የምትኖር ልጅ እንዲህ አትልም፤ ጸሐፊ ነው እንዲህ የሚለው፣ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው አካባቢውን ሊያስተዋውቅ ሲፈልግ። እሷ ያየችው ግራጫውን፣ ቀዩን መስመርና ስሙን ነው። ስሙ የማን እንደሆነ አታውቅም። አንባቢው ግን የሆነ ነገር ይጠረጥራል። ልጅቷ ከምታውቀው በላይ አንባቢው እንዲያውቅ ማድረግ የወጣት ተራኪ ዋናው ጥበብ ነው። ያየችውን በትክክል ታስቀምጣለች፣ ትርጉሙን አትሰጥም። ትርጉም የሚሰጥ አረፍተ ነገር ስታገኙ ሰርዙት።

«እንግዲህ የአራዳ ቃል ጭራሽ አይገባም?» ትሉኛላችሁ። ይገባል። የሚገባበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ ተራኪዋ አፍ ላይ ሳይሆን ተራኪዋ የምታያት ሌላ ልጅ አፍ ላይ። ለምሳሌ ብርቱካን ክረምቱን አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ቆይታ መጣች እንበል።

«ብርቱካን ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ጀምሮ ሁሉንም ሰው ጀለስ ትላለች። መሠረትን ጀለስ፣ እኔን ጀለስ። እሁድ እናቷ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ግን አንድም ጊዜ አላለችም።»

«ጀለስ» ነገ ቢያረጅ ይህ ቦታ አይጎዳም። ታሪኩ ስለ ቃሉ አይደለምና። ስለ ብርቱካን ነው፤ አዲስ ሰው ሆና ለመመለስ ስለ መሞከሯና እናቷ ፊት ስለ መተዋ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ቃሉን ባያውቀው እንኳ የከተማ ቃል መሆኑን ከቦታው ይረዳል።

ሌላው መንገድ ልጆቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ቃል መስጠት ነው። «ቆጣሪ» ያ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ የምትጠብቅ አከራይ ነችና ስሙ ከክፍሉ ውስጥ ወጣ። ፋሽን ሆኖ ስለማያውቅ ከፋሽን አይወጣም። እያንዳንዱ የጓደኛ ቡድን እንዲህ ያለ ቃል አለው፤ ለመምህር፣ ለመንገድ፣ ለምግብ። ሁለት ሦስት ስጧቸው። አንድ ጊዜ ከየት እንደመጣ አንባቢው ይይ፣ ከዚያ ሳታብራሩ ተጠቀሙበት።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። የመተግበሪያ ስም ከአራዳ ቃል እኩል ያረጃል። ልጅቷ ምን ከፍታ እንደምታይ ከመጥራት እጇ የሚያደርገውን ጻፉ። ስልኩን ጋቢ ውስጥ ከተተችው። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሦስቴ አንስታ ምንም ሳትጽፍ መለሰችው። መተግበሪያው ይቀየራል፣ መደበቁና መጠበቁ ግን ያው ነው።

አሁን እንዴት እንደምትፈትኑት። ጽሑፉን ለ15 ዓመት ልጅ ሰጥታችሁ «እንዲህ ነው የምታወሩት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ታላቅ ሰው ሲጠይቃት «አዎ፣ ጥሩ ነው» ትላችኋለች፣ በይሉኝታ። ይልቅ ጮክ ብላ እንድታነብ ጠይቋት። እናንተ ወረቀቱን ይዛችሁ ተከተሏት። የተደናቀፈችበት፣ ሳታውቀው ቃል ቀይራ ያነበበችበት፣ ድምጿ የትምህርት ቤት ምንባብ የሚያነብ ሰው የሆነበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ እነዚያ ቦታዎች ጸሐፊው ራሱ የገባባቸው ናቸው። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «በዚህም ምክንያት» የሚሉት ላይ ስትደርስ ድምጿ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ጆሯችሁን ለማሠልጠን ከፈለጋችሁ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ተማሪዎች ከገጠር በሚመለሱበት መንገድ ላይ ወይም መናኸሪያ ቁጭ በሉ። ቃል አትልቀሙ። አንዷ ለሌላዋ ያጋጠማትን ስትነግራት ከየት እንደምትጀምር ስሙ። ከመጀመሪያው አትጀምርም። ከተናደደችበት ቦታ ትጀምርና ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ «ቆይ፣ ከዚያ በፊት እኮ» ትላለች፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳትናገር «እሱ» ብላ ትቀጥላለች። ማስታወሻ የሚያዝበት ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ከመጨረሳችን በፊት ቅድም ከኋላ የተነሳውን ጥያቄ ልመልስ። «ተራኪዋ ትልቅ ሰው ሆና ወደ ኋላ እያየች የምትተርክ ከሆነስ?» ነው ያላችሁኝ። ይቻላል፣ መልካም ታሪክም ይወጣዋል። ግን ያኔ ሁለት ሰው ነው የምትጽፉት፣ ሁለቱንም መለየት አለባችሁ። እኔ የምመክረው ትልቋ ሴት በራሷ ድምፅ የምትናገርባቸውን አረፍተ ነገሮች በሌላ ቀለም እንድታሰምሩ ነው። ምዕራፉ መክፈቻና መዝጊያ ላይ ብቻ ከሆኑ ደህና ነው። በሩ ሲንቋቋ፣ ብርድ ልብሱ ሲመጣ፣ ጠዋት ሲታጠፍ፣ ማለትም ድርጊቱ መሃል ላይ ያ ቀለም ከታየ ያንን አረፍተ ነገር አውጡት። «ነበር» የምትለዋንም በዚያ ክፍል ውስጥ ቁጠሯት። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ካለች ሩቅ ቆማችሁ ነው የምታወሩት። ግማሹን አውጥታችሁ አንብቡት፤ «እኔ ነቅቼ ነበር» አንዴ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ብርቱካን ስልኩን ከተተች፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርድ ልብሱ ግራጫ ነው።